ደማችንን ማን ይፈልገዋል? - ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

በእኛ የፖለቲካ ቋንቋ «ደም» ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የፈሰሰ ደም ነው። በሰልፍ ላይም ሆነ በስብሰባ ላይ «የወገኖቻችን ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም» እያልን ስንምልና ስንገዘት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ደም ነው። በከረጢት ተሞልቶ፣ ተመርምሮ፣ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ የማናውቀው ሰው እስኪፈልገው ስለሚጠብቅ ደም።

በቅርቡ እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ግቢ የተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስለ ደም ልገሳ አሥር ደቂቃ እንድንናገር ጋብዘውን ነበር። ለኮሎምበስ ተማሪ ደም ልገሳ እንግዳ ነገር አይደለም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በእግር ኳሱ (ማለትም በአሜሪካኖቹ ኳስ) ብቻ ሳይሆን፣ ከ1982 ጀምሮ «ማን የበለጠ ደም ይሰጣል» በሚል ውድድርም ይፎካከራሉ። ኅዳር ሲቃረብ ሃይ ስትሪት ዳር ባለው የተማሪዎች ሕንፃ አልጋዎች ተዘርግተው ወጣቱ እጁን ጠቅልሎ ሲገባ ይታያል። የእኛ ልጆች ግን በአብዛኛው በአጠገቡ ያልፋሉ እንጂ አይገቡም።

ለምን? ከንግግሩ በፊት አንዳንዶቹን ጠይቀን ነበር። መርፌ እንፈራለን ይሉናል ብለን ስንጠብቅ ያገኘነው መልስ ሌላ ነበር። «የእኛን አይቀበሉም» አሉን። አንዱ አጎቱ ሄዶ እንደተመለሰ ሰምቷል፤ ሌላዋ እናቷ «ከአገር ቤት የመጣ ሰው ደም አይወሰድም» ብላታለች። ስለዚህ ያዘጋጀነውን ወረቀት አጥፈን ኪሳችን ከተትነው። «ደም ስጡ፣ ሕይወት አድኑ» የሚለው መፈክር ተባርሬያለሁ ብሎ ለሚያምን ሰው ምንም አይነግረውም። ከመፈክር ይልቅ አንድ እውነተኛ ታሪክ ለመናገርና አንድ ነገር ብቻ ለመጠየቅ ወሰንን።

ታሪኩ የኮሎምበስ አይደለም፤ የኢየሩሳሌም ነው። የተፈጸመውም በወገኖቻችን፣ በቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1996 ማሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ አንድ ጉድ ይዞ ወጣ። የአገሪቱ የድንገተኛ እርዳታና የደም አገልግሎት የሆነው ማጌን ዳዊት አዶም፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚለግሱትን ደም ለዓመታት እየተቀበለ በድብቅ ሲጥለው ኖሯል። ለጋሾቹ በክብር ተቀምጠው፣ እጃቸውን ሰጥተው፣ ተመስግነው ይሸኛሉ። እነሱ ከበር ሲወጡ ከረጢቱ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ባለሥልጣናቱ የሰጡት ምክንያት ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል የኤች አይ ቪ ስርጭት ከሌላው ሕዝብ ከፍ ይላል የሚል ነበር። በድብቅ ያደረግነውም ሰዎቹ እንዳያፍሩ ብለን ነው አሉ። ደመ ከልብ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ከአራት ቀን በኋላ እሑድ ጃንዋሪ 28 በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም በሚገኘው በጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስና ውኃ ረጨ፤ ከሁለቱም ወገን በርካታ ሰው ተጎዳ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎ ነበር።

አላበቃም። ዲሴምበር 2013 ማጌን ዳዊት አዶም በእስራኤል ምክር ቤት በክነሴት ሕንፃ ውስጥ ደም ሲያሰባስብ፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ የተባለች የምክር ቤት አባል ልትለግስ ቀረበች። ፕኒና የተወለደችው ጎንደር ነው፤ በኦፕሬሽን ሙሴ በሱዳን በኩል እስራኤል ስትገባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ኢትዮጵያ ስለተወለደች ደሟ እንደማይወሰድ እዚያው ተነገራት። ስትከራከር ደግሞ «እንወስደውና እናቀዘቅዘዋለን፤ ጥቅም ላይ ግን አይውልም» የሚል አማራጭ ቀረበላት። ነገሩ በቪዲዮ ተቀርጾ አገር አየው። ከኢትዮጵያ ከወጣች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች፣ ሕግ የምታወጣ ሴት ናት። በ1996 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፔሬስ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ክልከላው የተነሳው ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው፤ ፕኒናም በ2020 በእስራኤል መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ለመሆን የበቃች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ የተወለደች ሰው ሆናለች።

ይህን ተናግረን ዝም ስንል አዳራሹም ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ የሚጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀች። «ታዲያ ይህን ነግራችሁን ስታበቁ ደም ስጡ ልትሉን ነው?»

አዎን፣ ልንል ነው አልን። ታሪኩን የተናገርነው ለማስቆጨት ብቻ አይደለም። በሁለት ዓይነት «አይሆንም» መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ነው። ፕኒና የተነገራት «አይሆንም» ቀን የለውም። ሠላሳ ዓመት ብትቆይ፣ መቶ ጊዜ ብትመረመር፣ የተወለደችበት ቦታ አይለወጥምና መልሱ አይለወጥም። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን የተነገረን «አይሆንም» ግን ቀን ያለው ነው። ችግሩ ቀኑን ሳንሰማ ወይም ሳንቆጥር ወደ ቤታችን መመለሳችን ነው።

ምክንያቱ ኤች አይ ቪ አይደለም። እዚህ የሚለገስ እያንዳንዱ ከረጢት፣ የሰጠው ሰው ከየትም ይምጣ፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለሌሎችም በሽታዎች ይመረመራል። እኛን የሚያስቆመን ወባ ነው። የወባ ጥገኛ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ስለሚኖር ከደሙ ጋር ወደ በሽተኛው ይተላለፋል። አሜሪካ ውስጥ የለጋሽን ደም ለወባ ለመመርመር የተፈቀደ መሣሪያ እስከ 2024 ድረስ ስላልነበረ፣ የደም ባንኮች መከላከያቸው መጠየቅ ብቻ ነበር። የት ነበርክ? መቼ ተመለስክ? ከዚያ መጠበቅ።

የሚጠበቀው ጊዜ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ለወባ እንግዳ የሆነ ሰው ከተያዘ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳቱ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ሦስት ወር ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ስጋቱ ይቀንሳል። ወባ ባለበት አገር ያደገ ሰው ግን ሰውነቱ በሽታውን ስለለመደው ጥገኛውን ምንም ሳይሰማው ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወባ ባለበት አገር ከአምስት ዓመት በላይ የኖረ ሰው ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። አጭር ጉዞ አድርጎ የተመለሰ ግን ሦስት ወር ብቻ ነው። ይህ የሦስት ወር ገደብ ቀደም ሲል አንድ ዓመት ነበር፤ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ኤፕሪል 2020 ላይ ነው ያጠረው። ብዙ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት የድሮውን ነው።

ነገሩ እንዳይደናገር በሰሌዳው ላይ ሦስት ሰዎች ጻፍን። ሦስቱም የምሳሌ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገና ኦገስት 20 ቀን 2021 ኮሎምበስ የገባ ተማሪ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት አልሄደም። ሦስት ዓመቱን ይቆጥራል፤ ኦገስት 20 ቀን 2024 ሞላለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወባ አያግደውም።

ሁለተኛው አብሮት በአንድ አውሮፕላን የመጣ ጓደኛው ነው። እሱ ግን በ2023 ክረምት ለእህቱ ሠርግ ባሕር ዳር ሄዶ ጁላይ 30 ተመለሰ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ስለሄደ የቆጠረው ሁሉ ይሰረዝና ሦስቱ ዓመት ከተመለሰበት ቀን እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ቀኑ ጁላይ 30 ቀን 2026 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው» ብሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያም ተናዶ ሁለተኛ አይሄድም።

ሦስተኛዋ ኮሎምበስ አሥር ዓመት የኖረች ነርስ ናት። ለጥምቀት ጎንደር ሄዳ ጃንዋሪ 25 ተመለሰች። ከጉዞዋ በፊት ሦስት ዓመት ሳታቋርጥ እዚህ ስለኖረች እንደ ተጓዥ ትቆጠራለች፤ ኤፕሪል 25 ነፃ ናት። እዚያ ሳለች ወባ ይዟት ከነበረ ግን፣ ድና ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ሦስት ዓመት ትጠብቃለች።

«እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፤ አዲስ አበባ ወባ የለም» ያለን ልጅ ነበር። እውነቱን ነው፣ የለም። ነገር ግን ለነዋሪ የሚታየው አገሩ እንጂ ከተማው አይደለም፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ወባ ያለበት ቦታ ስላለ የአዲስ አበባ ልጅም ሦስት ዓመቱን ይጠብቃል። ለአጭር ጉዞ ግን የሚታየው የተረገጠው ቦታ ነው። አዲስ አበባ ብቻ ቆይቶ መመለስና ላንጋኖ ወርዶ ማደር አንድ አይደሉም። ስለዚህ የሄዳችሁባቸውን ከተሞች ስም ይዛችሁ ቅረቡ አልናቸው። የምርመራ መሣሪያው ስለተፈቀደ ሕጉ ወደፊት ሊላላ ይችላልና፣ የዛሬ ዓመት የሰማችሁትን እንደ ዘላለም ሕግ አትያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ «እሺ ይቀበሉናል እንበል፤ ግን በተለይ የእኛን ለምን ይፈልጉታል?» አለ። መልሱ ከዚህ ግቢ ብዙም የማይርቀው ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሲክል ሴል የሚባል በዘር የሚወረስ የደም ሕመም አለ፤ ቀይ የደም ሕዋሱ እንደ ማጭድ እየታጠፈ የደም ሥር ይዘጋል። በአሜሪካ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ዘራቸው ከአፍሪካ የሚመዘዝ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በየወሩ ገደማ ደም ይሰጣቸዋል። በየጊዜው ደም ለሚወስድ ልጅ ኤ፣ ቢ ወይም ኦ መሆኑ ብቻ አይበቃም። በቀይ ሕዋሱ ላይ ሌሎች ብዙ ምልክቶች አሉ፤ እነሱ ካልተመሳሰሉ የልጁ ሰውነት የመጣውን ደም እንደ ጠላት መዋጋት ይጀምራል፣ ቀጥሎም የሚስማማው ደም እየጠፋ ይሄዳል። የሚመሳሰል ደም የመገኘት ዕድሉ ከፍ የሚለው ከአፍሪካ ዘር ለጋሾች ዘንድ ነው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከሦስት ጥቁር ለጋሾች የአንዱ ደም ለሲክል ሴል ታማሚዎች ይስማማል ይላል። የእያንዳንዳችን ደም ይስማማል ብለን ቃል አንገባም፤ የሚያውቀው ምርመራው ነው። ነገር ግን ኢየሩሳሌም ውስጥ «የተለየ ነው» ተብሎ የተጣለው ደም፣ እዚህ ለየት ያለ ምልክት ሊኖረው ስለሚችል ይፈለጋል።

ከዚያ ወደ ጾማችን መጣን። በየዓመቱ ከእኛ ሰው ብዙውን የሚያስመልሰው ሌላው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። ከመለገሱ በፊት ጣት ተወግቶ ሄሞግሎቢን ይለካል፤ ለሴት 12.5፣ ለወንድ 13 መድረስ አለበት። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ሳምንታት፣ በተለይ ለሴቶች፣ ይህን ቁጥር ማሟላት ሊከብድ ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ሄዶ መስጠት ደግሞ ራስን ስቶ መውደቅን ይጋብዛል። ስለዚህ ቀኑን ከጾሙ ውጪ ምረጡ። መጾም ካለባችሁም ምስርና ጎመን በሎሚ አዘውትሩ፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብላችሁ ጠጡ። በዕለቱ ቁርስ ብሉ፣ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውኃም ጠጡ። ፊታችሁ ቢቀዘቅዝ፣ ቢያልባችሁ፣ ጆሯችሁ ቢጮህ ለመነሳት አትሞክሩ፤ ነርሷን ጥሩ። ጋደም ሲሉ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ቁጥሩ ካልሞላ ደግሞ ያ «አይሆንም» እንዲሁ ቀን አለው፤ ሐኪም አይቶ፣ ብረት ተሞልቶ፣ ተመልሶ መሄድ ይቻላል።

የቀረው ቀላል ነው። ዕድሜ 17፣ ክብደት 110 ፓውንድ ማለትም 50 ኪሎ ግድም፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ። ዜግነት አይጠየቅም። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም ነው፤ መርፌው እጅ ላይ የሚቆየው አሥር ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ከጥያቄው እስከ ጭማቂው ጠቅላላ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ቀይ ሕዋሱ ፍሪጅ ውስጥ 42 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ የዛሬ ሁለት ወር የተሰጠ ዛሬ ለሚፈልገው አይደርስም። እኛም ድጋሚ ለመስጠት 56 ቀን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ በነቂስ ወጥቶ ከዚያ መጥፋት፣ እንደ ሰልፎቻችን ማለት ነው፣ እዚህ ብዙ አይጠቅምም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄያችንን አቀረብን። «ደም ስጡ» አላልንም። ለእያንዳንዱ ትንሽ ወረቀት አደልንና ሦስት መስመር እንዲጽፍ ጠየቅን። አንደኛ፦ አሜሪካ የገባሁበት ቀን። ሁለተኛ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ከአገር ቤት የተመለስኩበት ቀን። ሦስተኛ፦ ከእነዚህ ተነስቶ የተቆጠረ የእኔ ቀን። ቀኑ ያለፈለት ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ስልኩን አውጥቶ በቀይ መስቀል ቁጥር 1-800-733-2767 ወይም በድረ ገጻቸው ሰዓት ይይዛል። ቀኑ ገና የሆነ ሰው ያችን ቀን ስልኩ ላይ መዝግቦ፣ ቀኑ ያለፈለትን አንድ ሰው አጅቦ ይሄዳል። ሌላ ነገር አልጠየቅንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ወጣቶቹ ወረቀታቸውን ሲሞሉ ልጃቸውን ለመውሰድ መጥተው ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። እሳቸውም ወረቀት ጠየቁ። አጠገባቸው የነበረችው ተማሪ ልትረዳቸው ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ አገር ቤት ደርሰው የተመለሱት?»

«ለእናቴ ተዝካር ነው የሄድኩት። በፈረንጆቹ 2016። ከዚያ መጥቼ እዚሁ ልሰጥ ብሄድ መለሱኝ። እኔም ሁለተኛ ደጃቸው አልደረስኩም።»

«እዚህስ ስንት ዓመት ኖረዋል ያን ጊዜ?»

«ኧረ ያን ጊዜ እንኳ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።»

ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። በዚያን ጊዜው ሕግ የሚጠብቁት አንድ ዓመት ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ የእርስዎ ቀን እኮ በ2017 አልፏል» አለቻቸው።

አባት ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «በዕለቱ ነግረውኝ ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የሰማሁት ግን አይሆንም የሚለውን ብቻ ነው።»

እዚያው ልጃቸው ስልክ ደወለላቸው፤ በምሥራቅ ብሮድ ጎዳና ባለው የቀይ መስቀል ጣቢያ ለቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ተያዘላቸው። ልጁ ራሱ አገር ቤት ደርሶ ከተመለሰ ገና ሁለት ወሩ ነውና አይችልም፤ መኪናውን የሚነዳው ግን እሱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ብትሆኑ አንድ ቀን «አይሆንም» ተብላችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ የመጨረሻውን ማኅተም ተመልከቱና ቁጠሩ። ቀናችሁ አልፎ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።